አራት አንቀጽ ኢሜይል ወደ አንድ ስታሳጥሩ

ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት የምትጠይቁትን ነገር የያዘችውን አረፍተ ነገር ፈልጉና ወደ ላይ አምጧት፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው የምትደበቀው። ከዛ "እንደሚታወቀው"፣ "ከላይ እንደገለጽኩት" የሚሉትን እዩ፣ ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የተባለ ነገር ስለሆነ አብሮ ይውጣ። ቀን፣ ብርና ምክንያት ግን እንዳትነኩ፣ እነሱ ከጎደሉ ሰውዬው መልሶ ይጠይቃችኋል። ለምሳሌ ስለ ፕሪንተር ጥገና የተጻፈ አራት አንቀጽ እንዲህ ይሆናል፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ ለ3ኛ ፎቅ ፕሪንተር ጥገና 4,500 ብር እስከ ሐሙስ እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። ሮለሩ ስላለቀ ወረቀት እየያዘ ነው፣ የአርብ ሪፖርት ደግሞ የሚታተመው እዛ ላይ ነው። ፕሮፎርማውን አያይዣለሁ።"

መቼ እንደተገዛ፣ ማን ሊያየው እንደሞከረ ምናምን ውሳኔውን ስለማይቀይር ወጣ፣ ሰላምታዋ ግን ለአለቃ ስለሆነ ትቆይ።