ጭንቅላት የተቀየረበት ፎቶ፦ አንገትና ደረት እንዴት ይመሳሰላሉ?

የመልስ ዕለት የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሁሉም አምሮበታል፣ ሙሽራዋ ብቻ ዓይኗን ጨፍናለች። ዓይኗን የገለጠችበት ሌላ ፎቶ አለ፤ እሱ ግን ቤት ውስጥ በቢጫ አምፑል የተነሳ ነው፣ የቤተሰቡ ደግሞ ደጅ ጥላ ስር። ጠየቅናት፣ እሺ አለች፣ ከዚያኛው ጭንቅላቷን ወሰድኩ።

ሲቆረጥ አንገቱም አብሮ ይምጣ። በፎቶሾፕ ሌየሩ ላይ ማስክ አድርጉና መጋጠሚያውን በለስላሳ ብሩሽ አደብዝዙት። ሙሽራዋ ሐብል ካደረገች መጋጠሚያውን እዚያው ሐብሉ ስር መደበቅ ነው።

አሁን ቀለሙ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ፊቷን ከደረቷ ጋር ማመሳሰል ነበር። ፊቷ ሜካፕ አለው፣ ከደረቷ ይቀላል። እሱን ላጠቁር ስል አንገቷም አብሮ ጠቆረ፤ ታትሞ ሲመጣ አመድ መስሏል። ስለዚህ የሚለካው አንገትና ደረት ነው። ፊቱን ተዉት።

በ Color Sampler አንድ ነጥብ አንገቱ ላይ፣ አንድ ነጥብ ደረቱ ላይ አስቀምጡ። ናሙናውን 5 by 5 Average አድርጉት፤ አለበለዚያ አንዲት ነጠብጣብ ታሳስታችኋለች። ሁለቱም ነጥቦች ብርሃኑ በመጣበት ጎን ይሁኑ። ላብ የሚያብለጨልጭበት ወይም ጥላ ያለበት ቦታ አይሆንም። የእኔ ንባብ ይህን ይመስል ነበር፦ አንገት ቀይ 190፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 84፤ ደረት 168፣ 120፣ 92። የአምፑሉ ቢጫነት ቁጥሩ ላይ ይታያል፤ ቀዩ በዝቷል፣ ሰማያዊው አንሷል።

ከጭንቅላቱ በላይ Curves ጨምሩና ለእሱ ብቻ እንዲሠራ ከሌየሩ ጋር እሰሩት። Red ውስጥ ገብታችሁ Input 190፣ Output 168 አድርጉ። Green 128 ወደ 120፣ Blue 84 ወደ 92። ይህ የብርሃኑን ክፍል ያስተካክላል፣ ጥላውን ግን ላያስተካክል ይችላል። የአገጭ ስሩን ጥላ በደረቱ ላይ ካለ ጥላ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ለኩና በየቀለሙ ሁለተኛ ነጥብ ጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ይሰንፋል፣ አንገቱም ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል።

Match Color የሚባለውን አቋራጭ አልወደውም። ቆዳውን ብቻ ካልመረጣችሁለት የቀሚሱን ነጭም አብሮ ይቆጥረዋል።

የአገጩ ጥላ ቀላል ከሆነ በአዲስ ሌየር፣ Multiply ላይ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቀቡት። ቀለሙን ከራሷ ጥላ ውሰዱ። በጥቁር ከቀባችሁት ቆሻሻ ይመስላል።

በመጨረሻ ከሁሉም በላይ Hue/Saturation አስቀምጡና Saturation +100 አድርጉ። የቀረ የቀለም ልዩነት ካለ አንገቷ ላይ እንደ መስመር ይወጣል። መስመሩ ካለ ወደ Curves ተመለሱ፤ ከጠፋ ይህን ሌየር አጥፍታችሁ ፎቶውን አስቀምጡ።