የባቢሌው ማሳ ለምን ነቀምት ታየ?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ሐረማያ አካባቢ 42ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ እንሻገራለን። መንገዱ ላይ ምንም ምልክት የለም። ማሳ ለሚለካ ሰው ግን ትልቅ ወሰን ነው። ዩቲኤም የሚባለው በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት ምድርን በ6 ዲግሪ ዞኖች ይከፍላል፤ ድሬዳዋ በዩቲኤም ዞን 37 ስትሆን፣ ሐረርና ባቢሌ ዞን 38 ውስጥ ናቸው።

ባቢሌ ያለ፣ ጎንና ጎኑ 100 ሜትር የሆነ የኦቾሎኒ ማሳ እንውሰድ። ልኩ 10,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሄክታር ነው።

ስፋቱ 0.00000082 ይላል

ከጂፒኤስ የመጡት ነጥቦች በዲግሪ ናቸው። QGIS ላይ `area($geometry)` ስንል ያንኑ ዲግሪ ይዞ ያሰላል፤ የሚሰጠንም ካሬ ዲግሪ ነው። መፍትሄው በ`Reproject Layer` ወደ `EPSG:32638`፣ ማለትም ወደ ዩቲኤም ዞን 38፣ መቀየር ነው። `Set Layer CRS` እዚህ አይሠራም። እሱ ስያሜውን ብቻ ይለውጣል፣ ቁጥሮቹ ዲግሪ እንደሆኑ ይቀራሉ። ያኔ ማሳው ኬንያ ውስጥ፣ ምድር ወገብ ላይ ታገኙታላችሁ።

ስፋቱ 10,330 ገደማ ይላል

የተለካው በ`EPSG:3857` ነው፤ የኢንተርኔት ካርታዎች የሚጠቀሙበት መርካተር። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር መሬቱን ይለጥጠዋል። ገበሬው ለሌለ 330 ካሬ ሜትር ዘር ይገዛል ማለት ነው። ወደ `EPSG:32638` ቀይሩት፤ 10,013 አካባቢ ይሆናል። የቀረችው 13 የዩቲኤም የራሱ መዛባት ናት። እኔ አልጨነቅባትም፤ የእጅ ጂፒኤስ በአንድ ጎን በኩል 3 ሜትር ቢስት 300 ካሬ ሜትር ይሄዳል። እሷም ትጥፋ ካላችሁ `$area` ተጠቀሙ። የፕሮጀክቱ ኤሊፕሶይድ WGS 84 መሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ስፋቱ ልክ ነው፣ ማሳው ግን ነቀምት አካባቢ ነው

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ቁጥሩ ምንም አያሳብቅም። በዞን 38 የተመዘገበ ነጥብ ዞን 37 ተብሎ ሲከፈት ማሳው 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ስፋቱ ግን አይነካም። ስለዚህ ከመለካት በፊት ሁልጊዜ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት። ቁጥሮቹ ትክክል፣ ስያሜው ስህተት ስለሆነ እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ራሱ `Set Layer CRS` ነው።

የአፍሪካ ካርታ ላይ ቱኒዚያ አብጣለች

አሁንም መርካተር ነው። ቱኒዝ አካባቢ ያለ መሬት ከምድር ወገቡ አንጻር አንድ ተኩል እጥፍ ገዝፎ ይሳላል። ዩቲኤም ደግሞ ለ6 ዲግሪ ስፋት ብቻ የተሠራ ስለሆነ አህጉር አይችልም። ለአፍሪካ ስፋትን የሚጠብቀው የላምበርት ፕሮጀክሽን ይሻላል፦

```
+proj=laea +lat_0=5 +lon_0=20 +datum=WGS84 +units=m
```

በዚህ ፕሮጀክሽን የባቢሌው ማሳ ስፋት እንኳ ልክ ይወጣል። የሚዛባው ቅርጹ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ጎን 98 ሜትር ገደማ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው 102 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለአጥር ሽቦ የሚሆን ርዝመት ከዚህ ካርታ አትውሰዱ።