ፀጉር ከተቆረጡ በኋላ ማጅራትና ጭንቅላት ላይ የሚወጣ የሚያም ብጉር፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ፀጉሩን በአግባቡ የሚታጠብ፣ ቅማል እንደሌለበት ያረጋገጠ፣ ሆኖም ፀጉር ቤት በሄደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማጅራቱና ከጆሮው ኋላ ያለው ቆዳ ላይ ሲነካ የሚያም፣ ጫፉ ነጣ ያለ ብጉር የሚወጣበትን ሰው ነው። ትራስ ላይ ጋደም ሲል ያመዋል፣ ማበጠሪያ ሲያልፍበት ይደማል፣ በሳምንቱ ደረቅ ይልና ፀጉሩን ዳግም ሲቆረጥ እንደገና ይወጣል። በቆዳ ሕክምና ክፍል ስሠራ ከማያቸው የጭንቅላት ችግሮች መካከል እንዲህ እየተመላለሰ የሚመጣ ሌላ አላውቅም።

መጀመሪያ በጥሩ ብርሃን ሌላ ሰው እንዲያየው ያድርጉ። መግል የቋጠረው ነጭ ጫፍ መካከል አንዲት ፀጉር ወጥታ ከታየች፣ ወይም ብጉሮቹ እያንዳንዳቸው በፀጉር ሥር ዙሪያ ከተቀመጡ፣ ጉዳዩ ፎሊኩላይተስ ማለትም የፀጉር መብቀያ ቀዳዳ ብግነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጉዳት የሚያደርሰው ቆዳው ሲላጭ፣ ሲታከክ ወይም ሲታሽ በተከፈተለት ጭረት ሲገባ ነው።

የእኛ ሰው ፀጉር ግን ሌላም ጣጣ አለው። ጥቅልል ያለ ፀጉር በምላጭ ወይም በ«ዜሮ» እስከ ቆዳው ድረስ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፣ ከቆዳው በታችም ይቀራል፤ ሲያድግ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። ሰውነት ደግሞ ይህን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ያብጥበታል። ስለዚህ ባክቴሪያው በመድኃኒት ቢጠፋም ፀጉሩ በዚያው አኳኋን መላጨቱን ከቀጠለ ብጉሩ ይመለሳል። ክኒን በክኒን ላይ እየደራረቡ የሚቸገሩት አብዛኞቹ ሰዎች ያጡት ነገር ይህ ነው።

ፀጉር ቤቱም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በቶንዶሱ ጥርሶች መካከል የቀደመው ደንበኛ ፀጉርና ቅባት ተጠቅጥቆ እያለ አልኮል ነስንሶ በክብሪት ለአፍታ ማቀጣጠል ለዓይን ደስ ይል ይሆናል እንጂ ጽዳት አይደለም፤ ቅሪቱ በብሩሽ ተጠርጎ ካልወጣ አልኮሉ ከሥሩ አይደርስም። የአንገት መጥረጊያውን ብሩሽና ከሰው ሰው የሚዘዋወረውን ፎጣ ግን ማንም አያነሣውም። የራስን ቶንዶስ መግዛት የሚችል ሰው ቢገዛ ይሻለዋል፤ የማይችል ደግሞ ፎጣውን ከቤቱ ይዞ መሄድ አያቅተውም።

መፍትሔው ከመድኃኒት አይጀምርም፤ መቆረጥ ከማቆም ይጀምራል። ቢያንስ ለ4 ሳምንት ምላጭም ሆነ ቶንዶስ ማጅራትን አይንካ። ከዚያ በኋላም ቁመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይወርድ ለቆራጩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ «ጠርዙን ብቻ በምላጭ ላስተካክልልህ» ሲል እሺ ማለት የወሩን ልፋት ገደል ይከታል። ብጉሩ ላይ በሞቀ (በማያቃጥል) ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መያዝ መግሉ በራሱ እንዲፈስ ይረዳል፤ ጨርቁ ግን ሁለተኛ ከመዋሉ በፊት ይታጠብ። በቀን አንድ ጊዜ ቦታውን 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ባለው ማጠቢያ አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ ይገባል፤ ዓይን ውስጥና ጆሮ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ፣ ጉዳቱ ከባድ ነውና። በዚህ ፈንታ 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል፤ ግን የትራስ ልብስንና ፀጉርን ቀለም ያስለቅቃል። ብጉሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ 2 በመቶ ሙፒሮሲን ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 እስከ 7 ቀን መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንዲህ የተያዘ ቀላል ፎሊኩላይተስ በ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት።

አይጭመቁት። በጥፍር የተጨመቀ መግል ግማሹ ወደ ውጭ ሲወጣ ግማሹ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ትንሹ ብጉር ቡግንጅ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አሞክሳሲሊን። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ተገዝቶ፣ ሦስት ቀን ተውጦ፣ የተረፈው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሞክሳሲሊን ይዞ ያልመጣ ታካሚ ብርቅ ነው። የዚህ ባክቴሪያ አብዛኞቹ ዝርያዎች አሞክሳሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ለብቻው ለዚህ በሽታ አይሆንም። ሐኪም የሚውጡት ነገር ያስፈልጋል ካለ እንደ ክሎክሳሲሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ያለውን ይመርጣል። ከአሞክሳሲሊን ይልቅ የሚከፋው ግን በየሱቁ የሚሸጠው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ቤታሜታሶን ለብቻው መግል ባለው ቆዳ ላይ ሲቀባ እብጠቱ በሁለት ቀን ጋብ ይላል፣ ታካሚውም የዳነ ይመስለዋል፤ ከሥር ግን ኢንፌክሽኑ ያለ ከልካይ ይሰፋል። ቅቤና ቫዝሊን የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ ደግሞ ቆዳውን ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ያቃጠለው ማጅራት አይቼ አውቃለሁ፤ ከዋናው በሽታ ይልቅ የቃጠሎው ጠባሳ ነው የቀረው።

ችላ ሲባል የት እንደሚደርስ ለማሳየት አንድ ታካሚ ልጥቀስ። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በሥራው ምክንያት ፀጉሩን በየሳምንቱ በ«ዜሮ» ይላጫል፣ ቀኑን ሙሉ ጠርዙ ጠንካራ የሆነ ኮፍያና አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ ይለብሳል። መጀመሪያ ከአንገቱ በላይ ጥቂት ብጉር ወጣ፤ አሞክሳሲሊን ወሰደ፣ ጋብ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወሰደ። እኛ ዘንድ ሲመጣ ማጅራቱን ስዳስሰው መግሉ ጥቂት ነበር፤ ከጣቴ ሥር ግን እንደ ሽምብራ የጠጠሩ፣ ከቆዳው የማይነቃነቁ እብጠቶች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ላይ ከአንድ ቀዳዳ ሦስትና አራት ፀጉር በአንድነት ወጥቷል፣ በመካከላቸውም ፀጉር የሌለበት የሚያብረቀርቅ ቆዳ ይታያል። ይህ ፎሊኩላይተስ ኬሎይዳሊስ ይባላል፤ በአብዛኛው ጥቅልል ፀጉር ያላቸው ወጣት ወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ በተደጋጋሚ ሲቆስሉ በጠባሳ እየተተኩ የሚሄዱበት ደረጃ ነው።

ያደረግነው ይህ ነው። መላጨት ሙሉ በሙሉ ቆመ፤ ለአሠሪው የሚያሳየው የሐኪም ወረቀት ተጻፈለት። ኮፍያው ሰፋ፣ የሸሚዙ አንገት ተከፈተ። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘለት፤ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዋጠም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኛ እንዲወስደው ተነገረው፣ አለበለዚያ ክኒኑ ጉሮሮን ያቆስላልና። (ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሰጥም፤ «ለእሱ ጥሩ ነበር» ብሎ ለጎረቤት ማካፈል አይገባም።) መግሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ በጠጠሩት እብጠቶች ውስጥ ትሪያምሲኖሎን በየወሩ በመርፌ ተወጋለት። በሦስተኛው ወር አዲስ ብጉር መውጣቱን አቆመ፣ እብጠቶቹም ዝቅ አሉ። የጠፋው ፀጉር ግን አልተመለሰም፤ ጠባሳ በሆነ ቀዳዳ ላይ ፀጉር ዳግም አይበቅልም። ከአንድ ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ ከምላጩ መራቅና ቅባት ሊበቃው ይችል ነበር።

ሌሎች መነሻዎችን ባጭሩ ልለፍ። ሹሩባ በተሠራች ሴት ላይ ብጉሩ በግንባር ዳርና በተከፈለው መስመር ላይ ከሆነ፣ ሹሩባው ጠብቋል ማለት ነው፤ የዚያኑ ቀን ይፈታ፣ ክኒን መዋጥ እየጎተተ ያለውን ክር አያላላውም። እጅግ የሚያሳክክ ብጉር ጭንቅላት፣ ፊትና ደረት ላይ በአንድነት ከወጣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። በአንድ ወገን ብቻ የተከማቸ፣ አስቀድሞ የማቃጠል ሕመም የነበረው፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ አልማዝ ባለ ጭራ ሊሆን ይችላል፤ ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ከደረሰ ዓይን አደጋ ላይ ነውና በዚያው ቀን ይታይ።

ልጅ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። በልጅ ጭንቅላት ላይ ለስለስ ብሎ ያበጠ፣ መግል የሚያዥ፣ ፀጉሩ ያለ ሕመም ነቀል የሚል እብጠት ብዙ ጊዜ ቡግንጅ ሳይሆን ከቆረቆር የመጣ ፈንገስ ነው። አንዲት እናት ያመጣቻት ሕፃን ቀደም ሲል በሌላ ቦታ እብጠቷ በምላጭ ተቀዶ ነበር፤ ከደምና ከጥቂት መግል በቀር የወጣ ነገር የለም፣ ቁስሉ ግን ተጨመረባት። ይህ የሚድነው ለሳምንታት በሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ግሪሲዮፉልቪን፣ እንጂ በመቅደድ አይደለም። ቅባትና ሻምፖ ብቻውንም ፀጉሩ ሥር አይደርስም።

የሚከተሉት ሲኖሩ ቤት ውስጥ መሞከር ያብቃ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከሰዓት ሰዓት የሚሰፋ እብጠት፣ የዓይን ቆብ ማበጥ፣ አንገት መገተር ያለበት ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ማጅራት ላይ ብዙ አፍ ያለው ትልቅ ቡግንጅ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ አይታይምና በዓይን ብቻ አይመኑ፤ በእጅዎ ጀርባ ዙሪያውን ዳሰው ሙቀቱ እስከ የት እንደሚደርስ ይለኩ፣ ዳሩን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመልከቱ። የስኳር ሕመምተኛ፣ የሰውነት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ትኩሳቱን አይጠብቁ።

ትኩሳት ባይኖርም በአሥር ቀን ያልደረቀ፣ ደርቆ በየጊዜው የሚመለስ፣ ፀጉር የሚያረግፍ ወይም የሚጠጥር ብጉር በዚያው ሳምንት ለቆዳ ሐኪም ይታይ። ለሚመላለሰው ከመግሉ ናሙና ተወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይመረመራል፣ የደም ስኳርም ይለካል፤ ባክቴሪያው አፍንጫ ውስጥ ከተገኘ ሙፒሮሲን በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን አፍንጫ ውስጥ ይቀባል። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የተቀቡትንና የዋጡትን ሁሉ ከነሣጥኑ ይዘው ይሂዱ፤ «ነጭ ክኒንና ቢጫ ቅባት ነበር» የሚለው መልስ ለማንም አይጠቅምም።