ሪፋይናንስ ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ወጪው በስንት ወር ይመለሳል?

ዳላስ የሚኖረው ወንድሜ የሚደውልልኝ እዚህ ሐዋሳ ሲመሽ ነው። ባለፈው ግን ከመደወሉ በፊት በቴሌግራም የሦስት ገጽ ሰነድ ላከና «እትዬ፣ ሒሳብ ሥራሽ ነውና እስኪ እዪልኝ፤ ሪፋይናንስ ላድርግ ወይስ ልተው?» አለኝ። ሪፋይናንስ ማለት የድሮውን የቤት ብድር በአዲስ ብድር ከፍሎ መተካት ነው። እኔም ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ነውና የቢሮዬን በር ዘግቼ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ፣ ቁጥሮቹን ወደ ወረቀት ገለበጥኳቸው።

ቤቱን የገዛው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 ነው። ያን ጊዜ የአሜሪካ የቤት ብድር ወለድ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታየ ከፍታ ላይ ነበር። 320,000 ዶላር በ7.5 በመቶ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል ተበደረ። ወርሃዊ ክፍያው ታክስና ኢንሹራንስን ሳይጨምር 2,237 ዶላር ነው። ሁለት ዓመት ከፍሎ የቀረበት ዕዳ 313,900 ዶላር ገደማ ነው። አሁን ሌላ አበዳሪ በ6.375 በመቶ ልስጥህ ብሎታል፤ ክፍያው 1,958 ዶላር ይሆናል፣ በወር 279 ዶላር ይተርፈዋል። ወንድሜ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱን ሸጦ ሐዋሳ ለመግባት አስቧል።

የመጀመሪያው ስህተት የእሱ ነበር፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። አዲሱን ብድር ፈርሞ ለመጨረስ ያስፈልጋል የተባለውን ጠቅላላ ገንዘብ፣ 13,700 ዶላር፣ ለ279 አካፍሎ 49 ወር አገኘ። «ሦስት ዓመት 36 ወር ነው፤ ስለዚህ አያዋጣም» ብሎ ሊተወው ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የሪፋይናንስ ወጪ አይደለም። የላከልኝ ሰነድ፣ ማለትም አበዳሪው የብድሩን ወጪ ዘርዝሮ የሚሰጠው ሎን ኤስቲሜት፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ወጪዎቹ በክፍል ተለይተዋል። ክፍል ኤ የአበዳሪው ክፍያ ነው። ቢ እና ሲ ለቤት ግምት፣ የባለቤትነት ክርክር ቢነሳ ለሚሸፍነው ለታይትል ኢንሹራንስና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ነው፤ ኢ ደግሞ የመንግሥት ምዝገባና ታክስ ነው። የሪፋይናንሱ ዋጋ እነዚህ አራቱ ናቸው፤ በእሱ ሰነድ ላይ ድምራቸው 7,800 ዶላር ነው።

ቀሪው 5,900 ዶላር ያለው ኤፍ እና ጂ ላይ ነው። ይህ የቤት ኢንሹራንስ፣ የቀናት ወለድና ለንብረት ታክስ በኤስክሮው፣ ማለትም አበዳሪው ታክስና ኢንሹራንስ ለመክፈል በሚይዘው ሒሳብ፣ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ሪፋይናንስ ባያደርግም ታክሱንና ኢንሹራንሱን ይከፍላቸዋል። የድሮው አበዳሪ ኤስክሮው ውስጥ ያስቀመጠለት ደግሞ ብድሩ በተከፈለ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ስለዚህ የሚካፈለው 7,800 ነው፤ ለ279 ሲካፈል 28 ወር ይመጣል። ከ36 ያነሰ ነው ማለት ነው።

«እንግዲያው ልፈርም?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ክፍል ኤን ስናየው ከ7,800ው ውስጥ 3,140 ዶላሩ «ፖይንት» የሚባል ነው፤ ወለዱን ዝቅ ለማድረግ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነው። ሁለተኛው ስህተት ይህንን ከሌላው ወጪ ጋር ደምሮ አንድ ላይ ማካፈል ነው። የአበዳሪውን ሠራተኛ፣ ሎን ኦፊሰሩን፣ «ያለ ፖይንት ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቀው ነገርኩት፤ 6.625 በመቶ ሆነ። ክፍያው 2,010 ዶላር፣ ቁጠባው 227 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም፣ ወጪው 4,660 ዶላር። ይህ በ21 ወር ይመለሳል። ፖይንቱ ብቻውን ሲታይ ግን 3,140 ዶላር ከፍሎ በወር የሚያገኘው ወደ 52 ዶላር ነው። እሱን ለመመለስ 61 ወር ይፈጃል! አንድ ላይ ሲካፈል 28 ወር መስሎ የታየው፣ ጥሩው ክፍል መጥፎውን ስለሸፈነለት ነው።

ሦስተኛው ስህተት ከፍ ያለ ወለድን ሳያሰሉ መሸሽ ነው። አበዳሪው በ7 በመቶ ከወሰድክ የ4,660ውን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ ብሎታል። ወንድሜ «ከ7.5 ወደ 7 ምን ለውጥ አለው?» ብሎ አልፎት ነበር። ክፍያው 2,088 ዶላር፣ ቁጠባው 149 ዶላር ብቻ ነው። ግን ከኪሱ የሚያወጣው ወጪ ስለሌለ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ትርፍ ነው። በ36 ወር ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ፖይንት ያለው 2,250፣ ፖይንት የሌለው 3,530፣ ወጪ የሌለው 5,370 ዶላር ያተርፋሉ። ዝቅተኛው ወለድ መጨረሻ ወጣ። ወንድሜ ዝም አለ፤ ከዚያ «እንደገና አስረጂኝ» አለና አብረን ደግመን ሠራነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መስተካከል አለበት፤ ብዙ ማስያዎችም የማያሳዩት ይህን ነው። ወርሃዊ ክፍያ ሲቀንስ ሁሉም ቁጠባ አይደለም፤ ከፊሉ ዋናውን ዕዳ በዝግታ ከመክፈል ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም አዲሱ ብድር 30 ዓመቱን ከአንድ ይጀምራል። መለያው ቀላል ነው፦ ከአሁኑ ክፍያህ ስንት ወደ ዋናው ይገባል? ከአዲሱ የመጀመሪያ ወር ክፍያስ? በድሮው ብድር 276 ዶላር ይገባል። በ6.375 በመቶ 291፣ በ6.625 በመቶ 277፣ በ7 በመቶ 257 ዶላር ነው። ስለዚህ 7 በመቶውን ከመረጠ በሦስት ዓመት ውስጥ ዕዳው ወደ 820 ዶላር ብልጫ ይኖረዋል፤ ያ ከ5,370ው ላይ ሲነሳ 4,550 ይቀራል። የፖይንቱ ደግሞ ዕዳውን በትንሹ ስለሚያፈጥን ወደ 2,650 ከፍ ይላል። ተራቸው ግን አልተለወጠም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የከፈለ ሰው ላይ ግን ይህ ልዩነት በጣም ይሰፋል፤ እሱ ከ30 ዓመት ይልቅ የቀረውን ዘመን ያህል የሚረዝም ብድር ጠይቆ ያወዳድር።

«የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ትዘላለህ» የሚባለውንም እንደ ስጦታ አትቁጠሩት። የዚያ ጊዜ ወለድ በድሮው ብድር መዝጊያና በክፍል ኤፍ ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሏል።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ለካ ትልቁ ቁጥር ያልተጣራ ነበር። «36 ወር ያልከው ከየት መጣ?» ስለው ባለቤቱን ጠራት። እሷ ስልኩን ተቀብላ «ልጁ ሃይስኩል ሳይጨርስ ወዴትም አንሄድም» አለች። ልጁ አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ወደ አምስት ዓመት፣ 60 ወር ሆነ። በ60 ወር ላይ ሦስቱም ምርጫዎች ከኪስ አንፃር በ8,950 ዶላር አካባቢ ይገናኛሉ። ልዩነቱ በሚቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ያለ ዕዳ የሚተወው 6.375 በመቶው ነው። የሚቀረው ዕዳም አብሮ ሲቆጠር ተራቸው የሚገለበጠው አራት ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ወጪ የሌለው፣ ከዚያ በላይ ፖይንት ያለው ይሻላል።

እኔ ሦስቱን ዋጋ በአንድ ቀን ደግሞ እንዲያስወጣ ነግሬዋለሁ፤ ወለድ በየቀኑ ስለሚቀያየር የማክሰኞን ዋጋ ከሐሙስ ጋር ማወዳደር አይቻልም። እሱና ባለቤቱ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ እስኪስማሙ ሰነዱ ሳይፈረም ተቀምጧል።