የዴስክቶፕ ዕቃ ከውጭ ሲያዝዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሊገጣጥም ተነሣ። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ዋጋቸው ቀንሶ ስላገኛቸው ከውጭ አዘዘ። ኬዙን፣ ራሙንና ሞኒተሩን ከአካባቢው ገዛ። ከውጭ ከመጡት ሦስት ዕቃዎች ፕሮሰሰሩ እስከ ዛሬ ያለ ችግር ይሠራል። ማዘርቦርዱ ግን ከአራት የራም ማስገቢያዎቹ ሁለቱ ሞተው ነው የመጣው። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ገና ሶኬት ላይ እንደሰካነው ጧ ብሎ ጨሰ። እጄ ከገመዱ አልራቀም ነበር። ደግነቱ ከቦርዱ ጋር አላገናኘነውም። ሁለቱም ኪሳራ ሊቀር የሚችል ነበር። ለዚህ ነው የተማርነውን አንድ በአንድ የምጽፈው።

ስህተት አንድ፦ ከጀርባ ያለችውን ቀይ ማብሪያ ሳያዩ መሰካት

ኮምፒውተር ውስጥ ካሉ ክፍሎች ከግድግዳው መብራት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኙት እሱ ቀይሮ የሚሰጣቸውን 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። ስለዚህ ግራፊክስ ካርድ ከየትም አገር ቢመጣ ቮልቴጅ አያሳስብም። የቮልቴጅ ጥያቄ የሚነሣው ለፓወር ሰፕላይ፣ ለሞኒተር፣ ለስፒከር፣ ለዩፒኤስና ለፕሪንተር ነው።

ዓለም በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላል። እንደ አሜሪካ ያሉ አገሮች ወደ 120 ቮልት ይጠቀማሉ። አብዛኛው ዓለም ደግሞ ከ220 እስከ 240። አንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ገመዱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለቻቸው። ዕቃው ከ120 ቮልት አገር ከመጣ ማብሪያዋ 115 ላይ ሆና ልትመጣ ትችላለች። የወዳጄ እንደዚያ ነበር። ያየናት ከጨሰ በኋላ ነው።

ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ማብሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርገዋል። የ230 ቮልት መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ጫፉ 325 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ የሚችሉት እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ነው። ማብሪያዋ 230 ላይ ብትሆን ኖሮ 325ቱን ለሁለት ይካፈሉት ነበር። 115 ላይ ስለነበረች ግን እያንዳንዳቸው ሙሉውን 325 ተሸከሙ። ኮምፒውተሩን ማስነሣት እንኳ አያስፈልግም፤ መሰካቱ ብቻ ይበቃል። በተቃራኒው ማብሪያዋ 230 ላይ ሆና 120 ቮልት ላይ ቢሰካ ብዙውን ጊዜ አይነሣም እንጂ አይቃጠልም።

ጥሩ የሚባሉት ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ይህች ማብሪያ የላቸውም። ራሳቸው ያስተካክላሉ። ይህን የሚያረጋግጡት ከጎናቸው በተለጠፈው ወረቀት ነው። «ኢንፑት» በሚለው መስመር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተባለ የትም ይሠራል። 50 ወይም 60 ኸርዝ መሆኑም ለውጥ አያመጣም። ግን ማብሪያ ስለሌለው ብቻ እርግጠኛ አይሁኑ። ከ200 እስከ 240 ቮልት ብቻ ተብለው የሚሸጡ አሉ፤ እነዚያ 120 ቮልት ባለበት አገር አይሆኑም። ከማዘዝዎ በፊት ሻጩን የወረቀቱን ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። ካላገኙ ይተዉት።

ዩፒኤስና ሌዘር ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ብቻ ነው። እነሱን የተለየ ቮልቴጅ ካለበት አገር አያምጡ።

ስህተት ሁለት፦ መሰኪያውን በአዳፕተር መሸንገል

የመሰኪያ አዳፕተር ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። ቮልቴጅ አይነካም። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ሌላ ነገር ነው፤ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስደው ሦስተኛው መስመር።

ርካሽ አዳፕተሮች ብዙዎቹ ሁለት እግር ብቻ ነው ያላቸው። የኧርዙ መስመር እዚያ ላይ ይቆረጣል። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ውስጡ ከመብራቱ ወደ ብረቱ ኬዝ የተዘረጉ ትንንሽ ማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉት። ኧርዝ ካለ በእነሱ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ጅረት ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀራል። ኬዙን በባዶ እጅ ሲነኩት፣ በተለይ ባዶ እግር ሆነው፣ ሲርርር ብሎ ከነዘረዎ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ይህ ጅረት ለብቻው ሰው አይገድልም። ነገር ግን አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ፣ መብራቱን የሚያቋርጥ ነገር የለም ማለት ነው። አደጋው እሱ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ወደ ፓወር ሰፕላዩ የሚገባው የገመድ ጫፍ በየትኛውም አገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲ13 ይባላል። አብዛኞቹ ሞኒተሮችም ይህንኑ ይወስዳሉ። ከዕቃው ጋር የመጣውን ገመድ ይተዉትና በአገርዎ መሰኪያ የተሠራ፣ ባለ ኧርዝ ሲ13 ገመድ ይግዙ። ከ120 ቮልት አገር የመጣው ገመድ መሰኪያው ላይ 125 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል፤ ለ230 ቮልት የተፈቀደ አይደለም።

ስህተት ሦስት፦ የመመለሻውን ቀን እጅዎ ከገባበት ዕለት መቁጠር

ማዘርቦርዱ ላይ ያጣነው ነገር ይህ ነው። ሻጩ «በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ብሎ ነበር። ወዳጄ ዕቃውን ያስመጣው ሻጩ አገር አድራሻ ባለው፣ ዕቃ ተቀብሎ በሚልክ አስተላላፊ በኩል ነው። ለሻጩ ዕቃው «ደረሰ» የሚባለው አስተላላፊው መጋዘን የገባ ቀን ነው። 30 ቀኑ የጀመረው ያኔ ነው።

ቦርዱ መጋዘኑ ውስጥ ሌሎቹ ዕቃዎች እስኪመጡ 6 ቀን ጠበቀ። ጉዞውና ጉምሩኩ 17 ቀን ወሰዱ። እጁ ሲገባ 23 ቀን አልፏል። ኬዙን አልገዛም ነበርና ካርቶኑን ሳይከፍት አስቀመጠው። ልንገጣጥም የተገናኘን 31ኛው ቀን ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ጨሰ፤ በማግስቱ ሌላ ገዝተን ቦርዱን ሞከርነው። 32ኛው ቀን። ሁለት ቀን አለፈን።

ኬዝ መጠበቅ አልነበረብንም። ቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ ዘርግተው መሞከር ይቻላል። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላይ ያገናኙ። ፕሮሰሰሩ ውስጡ ግራፊክስ ካለው ሞኒተሩን ቦርዱ ላይ ይሰኩ፤ ከሌለው ግራፊክስ ካርድ ይጨምሩ። ባዮስ የሚባለው የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ሲገቡ የራሙ መጠን ይታያል። ከዚያ መብራቱን እያጠፉ ያንኑ አንድ ራም በየማስገቢያው ያዟዙሩት። አንዱ ማስገቢያ ላይ አልነሣ ካለ፣ ራሙ ሌላው ላይ እንደሚሠራ አይተዋልና ጥፋተኛው ቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ሶኬት እግር ተጣምሞ እንደሆነም ይዩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ዲዲአር5 ራም ያለው ቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ራሙን እስኪለምድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ሞቷል ብለው አይቸኩሉ።

ስህተት አራት፦ «የሦስት ዓመት ዋስትና» ሲባል የት ብሎ አለመጠየቅ

ሻጩ አልመልስም ሲል ወደ አምራቹ ሄድን። የአምራቹ መልስ አጭር ነበር፤ ዋስትናው የሚሠራው ዕቃው በተሸጠበት አገር ነው። ሲሪያል ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ዕቃው የእነሱ ነው፣ ጊዜውም አላለፈም። አገሩ ግን ሌላ ነው። ብዙ አምራቾች ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ላይ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ለአምራቹ ይጻፉና «እዚያ የተገዛውን እዚህ ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ፕሮሰሰር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በካርቶን የታሸገው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ዓመት የአምራች ዋስትና አለው። «ትሬይ» ተብሎ ያለ ካርቶን የሚሸጠው ግን ቢበላሽ የሚጠየቀው የሸጠው ሰው ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ካዩት መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

ሒሳቡን እንይ። አካባቢዎ ያለው ሱቅ ቦርዱን በ100 ይሸጣል እንበል፤ ገንዘቡ የትኛውም ይሁን። ውጭ 72 ነው። ማጓጓዣው 8፣ አንድ ላይ 80። ቀረጡ 15 በመቶ ቢሆን 12፤ ጠቅላላው 92። ያተረፉት 28 ሳይሆን 8 ነው። አሁን ቦርዱ ተበላሸ። መልሶ መላኪያ 10፣ ተተኪው ሲመጣ ማጓጓዣ 8፣ ጉምሩክ እንደ አዲስ ዕቃ ካየው ደግሞ ቀረጥ 12። ድምር 30። አንድ ብልሽት የአራት ግዢ ትርፍ ሊበላ ምንም አልቀረውም። የግድ የሚልኩት ከሆነ ዕቃው ሳይወጣ በፊት ለጥገና ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከጉምሩክ ይጠይቁ። ብዙ አገሮች ለዚህ አሠራር አላቸው፤ ከወጣ በኋላ ግን ማስረዳቱ ከባድ ነው።

የፕሮሰሰሩን ሶኬት የፕላስቲክ ክዳንም አይጣሉ። ቦርዱ ያለ እሱ ከተላከ ብዙ አምራቾች አይቀበሉትም። ፕሮሰሰሩን ከማስገባትዎ በፊት የሶኬቱን እግሮች በስልክዎ ጥርት አድርገው ያንሡ። እግር ከተጣመመ ዋስትና አይሸፍነውምና «አንተ ነህ ያጣመምከው» ሲሉዎ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል።

ስህተት አምስት፦ ቅርብ ያለውን ሱቅ በቃል ማመን

ከአካባቢ መግዛትም ለብቻው ዋስትና አይሆንም። ባለሱቁ ራሱ ዕቃውን በሻንጣ አስመጥቶት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አምራቹ አያውቀውም፤ ዋስትናው የባለሱቁ ቃል ብቻ ነው። ይጠይቁት። ቢበላሽ የሚቀይረው ማን ነው? እሱ፣ አከፋፋዩ ወይስ አምራቹ? ስንት ቀን ድረስ በአዲስ ይቀየራል፣ ከዚያስ በኋላ ይጠገናል? መልሱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የዕቃው ሲሪያል ቁጥርም ይጻፍ። ቁጥሩ ከሌለ «ይህ የኔ ዕቃ አይደለም» ማለት ቀላል ነው።

ወዳጄ ሁለተኛውን ፓወር ሰፕላይ የገዛው እንዲህ ነው። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፈተ፤ ወረቀቱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን አሳየን። ጠረጴዛው ላይ ካለ ቦርድ ጋር አገናኝቶ አስነሣው። ሲሪያሉን ደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ፤ ማኅተም አደረገበት። ማዘርቦርዱ ግን ወደ ሻጩ አገር ተመልሶ፣ ተተኪው በዚያው አስተላላፊ በኩል ሲደርስ፣ ሁለት ወር ተኩል አልፎ ነበር።