ቀለሙን ከሥር አትጀምሩ፦ ረጅም ፀጉርን ቤት ውስጥ የመቀባት ቅደም ተከተል

ፀጉሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ቀለም የቀባሁት የእህቴ ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ፀጉሬ ወገቤ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ ከዚያ በፊት ቀለም ነክቶት አያውቅም። የፈለግኩት ከጥቁሩ ትንሽ ፈካ ያለ ቡናማ ነው። እናቴ ሽበቷን ስትቀባ ሳይ ስላደግኩ እኔም እንደ እሷ ከሥር ጀመርኩ። ሥሩን ቀብቼ ወደ ጫፍ እየጎተትኩ አወረድኩት። ታጥቤ ሳደርቀው ከራስ ቆዳዬ ጀምሮ አንድ ጣት ያህሉ ብርቱካናማ ሆኗል። ከዚያ በታች ያለው ግን ያው ጥቁር ነው። ሰርጉን በሻሽ ነው የዋልኩት።

በኋላ አንዲት ፀጉር ሠሪ ጉዳዩን በአንድ አረፍተ ነገር አስረዳችኝ። «የኔ እህት፣ ጭንቅላትሽ ምድጃ ነው፤ ለምድጃው የቀረበው ቀድሞ ይበስላል» አለችኝ። ነገሩ በእርግጥም እንዲያ ነው። ቋሚ ቀለም ሁለት ሥራ ይሠራል። አብሮት የሚቀላቀለው ፐርኦክሳይድ የተፈጥሮውን ጥቁረት ያፈካል፤ አዲሱ ቀለም ደግሞ ፀጉሩ ውስጥ ይፈጠራል። ሙቀት ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። የራስ ቆዳ ሙቀት የሚደርሰው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ፀጉር ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚፈካው። ጥቁር ፀጉር ሲፈካ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ይወጣዋል። ስለዚህ ሥሩ ቀድሞ ከተቀባ ቀድሞ ይፈካል፤ መሀሉ ገና መጀመሩ ሲሆን ሥሩ ብርቱካናማው ላይ ይደርሳል።

መፍትሔው መሀሉን ቀድሞ መቀባት፣ ሥሩን ግን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ይህ የሚሠራው ቀለም ነክቶት የማያውቅ ፀጉር ከተፈጥሮው ሲፈካ ነው። ፀጉራችሁን የምታጠቁሩ ወይም ሽበት የምትሸፍኑ ከሆነ የእናቴ መንገድ ትክክል ነው። ሽበት ቀለም ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሥሩ ቀድሞ ረዘም ያለ ጊዜ ማግኘት አለበት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ቀብታችሁ በመመሪያው መሠረት ቆዳችሁን ፈትኑ። ካሳከከ ወይም ካበጠ ቀለሙን ተዉት። ፀጉሩ ሪላክሰር ከገባበት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፈው። ቅቤ ተቀብታችሁ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት በደንብ ታጠቡ፤ ቅቤው ፀጉሩን ሸፍኖ ቀለሙን ቦታ ቦታ ላይ ያስቀረዋል። ሂና የተቀባ ፀጉር ላይ ይህን አትሞክሩ። አንዳንዱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሂና ውስጡ የብረታ ብረት ጨው አለበት። ይህ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ፀጉሩን እስከማቃጠል ይደርሳል።

ውሃ መኖሩን አረጋግጡ። በባልዲ ሁለት ሦስት ጀሪካን ውሃ አስቀምጡ። ቀለም ጭንቅላት ላይ ሆኖ ውሃ ቢሄድ የምታደርጉት ነገር አይኖርም።

አንድ ፓኬት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር ነው የሚበቃው። ከትከሻ ካለፈ ሁለት፣ ወገብ ከተጠጋ ወይም በጣም ወፍራም ከሆነ ሦስት ግዙ። ሁሉም የአንድ ድርጅትና የአንድ ቁጥር ይሁን። ለቤት 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ 20 ቮልዩም ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ የበረታውን ሥር ላይ በቤት ውስጥ መጠቀም አልመክርም። ሳህኑ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ ብረት አይሁን። ከፓኬቱ ጋር የሚመጣውን ሾጣጣ አፍ ያለው ጠርሙስ ለረጅም ፀጉር አልወደውም። ቀለሙን ሥር ላይ ያፈሰዋል፤ እኛ ደግሞ የምንሸሸው እሱኑ ነው። ርካሽ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ጭራ ያለው ማበጠሪያ፣ አራት ትልልቅ ክሊፕና ጓንት ይሻላል።

አከፋፈል

ደረቅ ፀጉር ላይ በማበጠሪያው ጭራ ከግንባር መሀል እስከ ማጅራት አንድ መስመር አውጡ። ሌላውን በአናት በኩል ከጆሮ እስከ ጆሮ። አራት ክፍል ይሆናል፤ እያንዳንዱን ጠቅልላችሁ በክሊፕ ያዙት።

አራቱ ክፍሎች ማስያዣ ብቻ ናቸው። የምትቀቡት ከየክፍሉ ቀጭን ቀጭን ረድፍ እያወረዳችሁ ነው። ረድፉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። ረድፉን በጣቶቻችሁ ዘርግታችሁ ስታዩት ጣታችሁ በፀጉሩ ውስጥ ከታየ በቂ ስስ ነው። የእኛ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለና ጥቅል ስለሆነ ወፍራም ረድፍ ከላይ የተቀባ ይመስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ ሲበጠር ጥቁር ጥቁር ቦታ የሚያሳየው ይህ ነው።

ከኋላ ጀምሩ። እዚያ ፀጉሩ ወፍራም ነው፤ ቀለሙን ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው። የግንባርና የጆሮ ዳር ፀጉር ስስ ስለሆነ ለመጨረሻ ይቆይ።

የመጀመሪያው ዙር፦ ሥሩን ባዶ መተው

ከባዱ ሥራ እዚህ ነው። ረድፉን በአንድ እጅ ከራስ ቆዳ ራቅ አድርጋችሁ ወጥሩት። ብሩሹ የሚያርፈው ከቆዳው 2 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነው፤ የአውራ ጣት ወርድ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። ከዚያ ወደ ታች ብቻ ቀቡ፤ ብሩሹን ወደ ላይ አትመልሱት። ረድፉን ገልብጣችሁ ጀርባውንም ቀቡ። ብሩሹ ላይ ብዙ ቀለም አይኑር፣ ፀጉሩ ላይ ግን አትሰስቱ፤ ትንሽ ትንሽ እየነከራችሁ ደጋግሙ። ጫፉ በፒያስትራ የተጎዳ ከሆነ የመጨረሻውን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ለሁለተኛው ዙር ተዉት። የተጎዳ ጫፍ ቀለም ይመጥና ከሌላው የጠቆረ ይሆናል።

ሥሩን መዝለል ራሱ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የዘለሉትን እንዲሁ ማቆየት ነው። ሁለተኛ ሙከራዬ የከሸፈው በዚህ ነው። ሥሩን በጥንቃቄ ዘልዬ ጨረስኩ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ ፀጉሬን አናቴ ላይ ጠቅልዬ ፌስታል አጠለቅኩ። በቀለም የተነከረው ፀጉር ሙሉ በሙሉ ሥሩ ላይ ተኛ። ላስቲኩ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ጨመረበት። ታጥቤ ስወጣ ሥሬ ላይ እንደ ነብር ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። የተቀባውን ረድፍ ወደ ታች እንዲንጠለጠል እተወዋለሁ። ቀጣዩን ረድፍ ከማውረዴ በፊት ባዶው ሥር ላይ ጥጥ በመስመሩ ልክ ዘርግቼ አስቀምጣለሁ። የሚወርደው ረድፍ ጥጡ ላይ ያርፋል። አንድ ጥቅል ጥጥ ቀስ አድርጋችሁ ብትተረትሩት ለጭንቅላት ሙሉ ይበቃል። ምንም ነገር አታጥልቁበት፤ ካስክ ውስጥም አትግቡ። የድሮ ቲሸርት ትከሻችሁ ላይ ጣሉና ፀጉሩ እንደተበተነ ይቆይ።

ሁለተኛው ዙር፦ ሥሩ

ለሁለተኛው ዙር ቀለሙን አዲስ በጥብጡ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። የተቀላቀለ ቀለም ሳህን ውስጥ እየቆየ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሦስቱን ፓኬት አንዴ አትበጥብጡ፤ አንዱ ለሥሩ ይቆይ።

ሥሩ መቼ እንደሚጀመር የሚነግራችሁ መሀሉ ነው። መጀመሪያ ከቀባችሁት ረድፍ ላይ ትንሽ ፀጉር ይዛችሁ ቀለሙን በእርጥብ ሶፍት ጥረጉት። ካልተቀባው ሥር ጋር አስተያዩት። በግልጽ ፈክቶ ከታየ ጊዜው ደርሷል። ለውጥ ከሌለ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሥሩን ስትቀቡም የመጀመሪያውን ዙር ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ ከኋላ የጀመረ ከኋላ ይጀምራል። ያኔ በመሀሉና በሥሩ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት በሁሉም ረድፍ ተቀራራቢ ይሆናል። የተተወው ጫፍም አብሮ ይቀባ።

ባለፈው ለታናሽ እህቴ ስቀባ የነበረውን ሰዓት ልንገራችሁ። ፀጉሯ ከትከሻዋ በታች አንድ ስንዝር ይወርዳል፤ ሦስት ፓኬት ገዛን። 3:15 ላይ ሁለቱን በጠበጥኩ። 3:20 ላይ ከማጅራቷ በላይ ጀምሬ 3:45 ላይ የግንባሯን ዳር ጨረስኩ። 3:50 ላይ የኋላውን በሶፍት ጠርጌ አየሁት። ጥቁር ቡና የነበረው ቀላ ብሏል። ሦስተኛውን ፓኬት በጥብጬ 3:55 ላይ ሥሩን ጀመርኩ፤ 4:10 ላይ አለቀ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ሥሩንና መሀሉን ጎን ለጎን እየጠረግኩ አየሁ። 4:30 ላይ ልዩነታቸው ጠፋ፤ አጠብናት። የእናንተ ፀጉር ሌላ ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል፤ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ጊዜ ግን አትለፉ። የመጀመሪያው ዙር ብቻ 25 ደቂቃ ስለሚፈጅ ከጀርባችሁ የሚቆም ሰው ይኑር። ረጅም ፀጉርን ብቻን መቀባት እኔ ትቼዋለሁ።

ሥሩ ብርቱካናማ ከሆነባችሁ

የበለጠ የፈካ ቀለም አትደርቡ። ይልቅ ከመሀሉ ጋር የሚመሳሰል፣ ቀይ ወይም ወርቃማ ያልሆነ ቀለም ምረጡ፤ ፓኬቱ ላይ ተፈጥሯዊ ወይም አመድማ የሚለውን። ብርቱካናማው ላይ ብቻ ቀቡና በየሦስት ደቂቃው እየጠረጋችሁ እዩት። መሀሉን ሲመስል ታጠቡ።

ከወር በኋላ አዲስ ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ያን ጊዜ አዲሱን ሥር ብቻ ቀቡ፤ አስቀድሞ ቀለም የገባበትን አትደራርቡበት። ብዙ ቆይታችሁ ያደገው ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ሙቀቱ የማይደርሰውን ክፍል ቀድማችሁ ቀቡ፤ ቆዳው አጠገብ ያለው አሁንም መጨረሻ ነው።