ቅዳሜ ቅዳሜ ብሬከሩ ሲወርድብኝ የነበረው ለምን እንደሆነ

ከአሰሪዬ ወጥቼ የራሴን ፀጉር ቤት በከፈትኩበት የመጀመሪያ ወር፣ ሰው በበዛ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ደንበኛዋ በቢጉዲን ተጠቅልላ ካስክ ስር ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ገና ግማሹ እርጥብ! ሁለት ደንበኞቼ ተመልሰው አልመጡም።

መጀመሪያ ማከፋፈያውን ቀየርኩ። ከዚያ ፎኑ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ ያውም ከኪራዩ ብር ነክቼ። ምንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ የመጣው ኤሌክትሪሻን «ወዲያው ነው የሚወርደው ወይስ ቆይቶ?» አለኝ። ቆይቶ። ሾርት ቢሆን ወዲያው ይወርድ ነበር፣ ይሄ ጭነት ነው አለ። ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ዋት ደመርን፦ ፎን 2000፣ ካስክ 1000፣ የውሃ ማሞቂያ 1500፣ በድምሩ 4500። ሁሉም ያሉት አንድ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ብቻ።

በትልቅ ብሬከር ቀይርልኝ ስለው እምቢ አለ፤ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይቃጠላል። ለፎኑና ለማሞቂያው ከሳጥኑ ለየብቻ ባለ 2.5 ሽቦ ዘርግቶ ባለ 16 ብሬከር ገጠመላቸው። ዋናው 32 ስለሆነ ይችላል። ካስኩ በድሮው መስመር ቀረ። ያለፈው ቅዳሜ ሦስቱንም አብርቼ ዋልኩ።